ለአባዬ፣ ለእማዬና ለእታለም፦ ስለ ጫጩቶቹ ብድር

አባዬ፣ እማዬ፣ ዱባይ ያለሽው እታለም፣ እንደምን ከረማችሁ?

በቃል ስጀምረው ሁሌ ወደ ጭቅጭቅ ስለሚሄድብኝ ዛሬ በጽሑፍ ላድርገው። የምጠይቃችሁ 30,000 ብር ነው፤ ብድር እንጂ ስጦታ አይደለም። የባጃጁን ነገር ትቼዋለሁ፤ ጋሼ እንዳለው ቢያዋጣም ለቅድሚያ ክፍያው እንኳ ሁላችን ተሰብስበን አንደርስም። የቆረጥኩት አንድ ነገር ነው፦ የአንድ ቀን ጫጩት አምጥቶ፣ 45 ቀን አሳድጎ ለገበሬ መሸጥ። «ያለፈውስ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አዎ፣ በክረምቱ ከ40ው 11 ሞተውብኛል፤ እማዬ በመጥረጊያ ስትሰበስቢያቸው ቀና ብለሽ ያየሽኝ አስተያየት እስካሁን አለቀቀኝም። የገደላቸው ግን በሽታ አልነበረም። ሌሊት መብራት ጠፋ፣ እኔ ተኝቻለሁ፣ እነሱ በብርዱ አንዱ ባንዱ ላይ ተከምረው ታፈኑ። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ አሁን አምፖሉን ብቻ አላምንም፤ ሁለት የከሰል ምድጃ ይኖረኛል፣ መስኮቱ ከላይ ትንሽ ይከፈታል፣ እኔም (አባዬ አትስጋ፣ ከከሰሉ ጋር አልተኛም) በየሁለት ሰዓቱ በስልኬ እየተቀሰቀስኩ እገባለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ሙቀቱ 33 ዲግሪ ገደማ መሆን አለበት፤ ቴርሞሜትሩ ቢበላሽ እንኳ ጫጩቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ፦ ከበረዳቸው ምድጃው ሥር ይታጨቃሉ፣ ከሞቃቸው ግድግዳ ይዘው አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ፣ ተበታትነው ከተኙ ልክ ነው። የፈንግልና የጉምቦሮ ክትባቱን የወረዳው የእንስሳት ሐኪም በየቀኑ ለይቶ ጽፎልኛል። ሂሳቡ ይኸው፦ 200 ጫጩት በ90 ብር 18,000፤ ሦስት ኩንታል ተኩል መኖ 20,300፤ ክትባት፣ ከሰልና ሰጋቱራ 6,500፤ መመገቢያና መጠጫ 4,200፤ በድምሩ 49,000። ከዕቁቡ የደረሰኝ 19,000 እጄ ላይ አለ። 20 ይሙቱ ብዬ 180ውን በ330 ብር ብሸጥ 59,400 ይገባል። ትርፉ 10,400 ነው፤ ለ45 ቀን እንቅልፍ ማጣት ብዙ አይደለም፣ ግን ዕቃው በእጄ ይቀራል። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ካስገባሁ ከጥር አጋማሽ በኋላ ይወጣሉ፤ ያኔ ገበሬው እህሉን ሸጦ እጁ ላይ ብር አለው፣ ደህና አድርጎ ከመገባቸው አውራዎቹ ለፋሲካ ይደርሱለታል። የክረምቶቹን 29 ከገዙት መካከል ዘጠኙ ለዚህ ዙር ተመዝግበዋል፤ ስድስቱ ቀብድ ሰጥተውኛል፣ ቀብዱን አልነካሁትም። ብድሩን በየዙሩ 10,000 እያደረግሁ በሦስት ዙር እጨርሳለሁ፤ አንድ ዙር ከጽዳቱ ጋር ሁለት ወር ይፈጃል። ጋሼ ምስክር ሆኖ እፈርማለሁ። እታለም፣ ያንቺ ብር በምን ላብ እንደሚመጣ ስለማውቅ የየሳምንቱን ወጪና የሞተውን ቁጥር በፎቶ እልክልሻለሁ፤ ሳልልክ ከቀረሁ ያን ሳምንት ደውለሽ ውቀሺኝ። ጫጩቶቹን ለማስያዝ እስከ ኅዳር 20 መልሳችሁን ብትነግሩኝ ይበቃኛል፤ እሺም ከሆነ እንቢም ከሆነ፣ እሑድ ከቡናው በኋላ ቁጭ ብለን እንነጋገርበት።

ልጃችሁ ሄኖክ