ልጄን ታቅፌ ያነጋኋቸው ሌሊቶች

ልጄ 4 ወር ሲሆነው ነው ከሰገራዬ ጋር ደም ማየት የጀመርኩት። መጀመሪያ አሜባ ነው ተባልኩ፣ መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። እናቴ "በደንብ ሳትታረሺ ተነስተሽ ብርድ ገብቶሽ ነው" እያለች አጥሚት ታጠጣኛለች። ባለቤቴ የማታ ተረኛ ሲሆን ልጁን የሚይዝልኝ ስለሌለ፣ ቁርጠቱ ሲነሳብኝ ታቅፌው ሽንት ቤት እገባለሁ። እሱ ያለቅሳል፣ እኔም አለቅሳለሁ።

በመጨረሻ አንጀትን ከውስጥ በካሜራ የሚያዩበት ምርመራ፣ ኮሎኖስኮፒ ተደረገልኝ፣ ናሙናም ተወሰደ። አልሰሬቲቭ ኮላይተስ። የሰውነቴ መከላከያ የራሴን ትልቁን አንጀት እያቆሰለው ነው ማለት ነው። ሐኪሟ "ይድናል" አላለችኝም፤ "እንቆጣጠረዋለን" ነው ያለችኝ። ያቺ ቃል በጣም አስከፋችኝ። ቀድሜ የጠየቅኳት ስለ ጡት ነበር። የታዘዙልኝን መድኃኒቶች፣ ሜሳላሚኑንም ፕሬድኒሶሎኑንም እየወሰድኩ ማጥባት እንደምችል፣ ልጁን ተቅማጥ ከያዘው ግን ቶሎ እንድነግራት አስረዳችኝ። ፕሬድኒሶሎኑን ተሻለኝ ብዬ በራሴ በድንገት እንዳላቆምም አስጠነቀቀችኝ።

ይኸው 3 ወር ሆነኝ። ደሙ ቆሟል፣ ድካሙ ግን አለ። በርበሬ የበዛበት ወጥ እኔን ስለሚያመኝ አልጫ እበላለሁ (የሁሉም ሰው ሆድ አንድ አይደለም፣ እኔን አይታችሁ አትተዉ)። ለልጄ ሽንት ቤቱ በር ላይ ምንጣፍ አነጠፍኩለት፣ በሩን ገርበብ አድርጌ እያየሁት ይጫወታል። እናቴ ከሰኞ እስከ ረቡዕ እኛ ጋ ታድራለች። "እርዱኝ" ማለት ከመድኃኒቱ በላይ ነበር የከበደኝ።

ትናንት ሌሊት አንዴ ብቻ ተነሳሁ፣ እሱም ልጄ ርቦት።