የግቤን ልጅ ውሃ ጠማው

ጅማ ላይ ዝናብ ብርቅ አይደለም። ክረምት ላይ ጃንጥላ የረሳ ሰው ካፌ ውስጥ ታግቶ ነው የሚውለው። ግልገል ግቤ ተገድቦ መብራት ያመነጫል። አረንጓዴው ዓይን ያጠግባል። ታዲያ ከዚህ ሁሉ ውሃ መሀል፣ ከከተማው ብዙም ሳይርቁ ቀርሳ ወረዳ ውስጥ፣ ሰው የሚጠጣው አጥቶ ሲቸገር ማየት ግራ ያጋባል። "የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው" የሚባለውን እኛ "የግቤን ልጅ" ብንለው ያስኬዳል።

የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ነኝ። ስለዚህ ወሬ ሳላበዛ ሒሳቡን ላስቀድም። በዚህ በጋ በአራት መንደሮች አራት የእጅ ጉድጓዶች ልንቆፍር ነው። አንዱ 520 ሺህ ብር ይፈጃል። አራቱ 2,080,000 ብር ማለት ነው። እስካሁን 610 ሺህ ብር ሰብስበናል። የጎደለው 1,470,000 ብር ነው። ይህን ከታኅሣሥ መጨረሻ በፊት እንፈልገዋለን። ለምን ታኅሣሥ እንዳልኩ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ጠዋት ላሳያችሁ።

ጥቅምት ላይ ከመንደሮቹ አንዱ ጋ አድሬ ነበር። ያሳደሩኝ አዴ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጀሪካን ይዘው ሲወጡ ተከተልኳቸው። "አንተ ደግሞ ምን ልታደርግ ነው? ተኛ እንጂ ልጄ" አሉኝ። መንገዱ ቁልቁል ነው፣ ጭቃው ያንሸራትታል። ምንጩ ጋ ስንደርስ ስድስት ሴቶችና ሁለት ልጆች ቀድመውናል።

ምንጭ ስል በድንጋይ የታጠረ፣ ቧንቧ የተገጠመለት እንዳይመስላችሁ። ሥር ሥሩን የሚያለቅስ ገደል ነው። ከሥሩ የልብስ መዘፍዘፊያ የምታክል ጉድጓድ አለች። ተራው የደረሰ ሰው ቁጢጥ ብሎ በጣሳ ይቀዳል። ሦስት አራት ጣሳ ከወጣ ውሃው ይደፈርሳል። እስኪጠል ይጠበቃል። ከዚያ እንደገና ጣሳ። አዴ የነጠላቸውን ጫፍ ጀሪካኑ አፍ ላይ ወጥረው በዚያ ያጠልሉታል። ነጠላው ላይ የቀረውን ትል መሰል ነገር በጣታቸው ገፍተው ጣሉት፣ ፊታቸው እንኳ አልተለወጠም። በሰዓቴ ቆጠርኩ። 20 ሊትሯን ለመሙላት 22 ደቂቃ ፈጀ። የጀሪካኑ ክዳን ከጠፋ ቆይቷል፣ በእንሰት ቅጠል ወተፉት። ከዚያ 20 ኪሎውን አዝለው ዳገቱን ያዙት። ላግዝ ብዬ ተቀበልኳቸው፣ መንገዱ እኩሌታ ላይ ሳልደርስ መለስኩላቸው። ሳቁብኝ፣ መብታቸው ነው።

ከምንጩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከብት ይጠጣል። ከፍ ብሎ ደግሞ ሰው ሜዳ ይወጣል። ዝናብ ሲጥል ሁሉም ቁልቁል ይታጠባል።

"ወንዝ የለም ወይ?" ትሉ ይሆናል። አለ። ግን የቡና አገር ሰው የሚያውቀው ነገር ነው፤ ቡና ሲደርስ እሸት ቡና መፈልፈያዎች ሥራ ይጀምራሉ፣ የገለፈቱ እጣቢ ሳይጣራ ወንዝ ሲገባ ውሃው ይጠቁራል፣ እንደ ኮመጠጠ ጠላ ይሸታል። ከብቱም አፉን አስጠግቶ ይመለሳል። ለገበሬው ገንዘብ የሚገባበት ወር ለእናቲቱ ውሃ የሚጠፋበት ወር ይሆናል። ሁላችንም ጠዋት ጠዋት ያንን ቡና ስለምንጠጣ ነገሩ አይመለከተኝም ለማለት ይከብደኛል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። ልጅ ያስቀምጠዋል። እናት ለምለም በጥብጣ ታጠጣለች። የሚበጠበጠው ግን በዚያው ውሃ ነው። ውሃ ይፈላ እንዳይባል ማገዶው ሌላ ጉዞ ነው።

አሁን ስለ ራሳችን አንድ የማያኮራ ነገር ልናገር።

የመጀመሪያ ጉድጓዳችንን ስናስመርቅ በግ ታረደ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሣን። እኔም ቲሸርት ለብሼ ፊት ለፊት ቆሜያለሁ። በሁለተኛው ዓመት ፓምፑ ቆመ። ያለቀችው ውስጥ ያለች የጎማ ቀለበት ነበረች፣ ከመዳፍ ታንሳለች። ዋጋዋን ስትሰሙ ትናደዳላችሁ፣ አንድ ሰው ምሳ በልቶ የሚከፍላትን ያህል ናት። ግን መንደሩ ውስጥ መፍታት የሚችል ሰው የለም፣ መፍቻ የለም፣ መለዋወጫው የት እንደሚሸጥ የሚያውቅ የለም። እኛም ደውለን አልጠየቅንም። ሰባት ወር ቆመ። ሰዉ ወደ ገደሉ ተመለሰ። በኋላ ስንሄድ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። "ፎቶው ደረሰን፣ እግዜር ይስጥልን።"

ከዚያ ወዲህ አሠራራችን ተለወጠ። የ520 ሺህ ብሩን ዝርዝር ስታዩ የተለወጠውን ታገኙታላችሁ። ለቁፋሮው ጉልበትና ጉድጓዱን ለሚደግፉት የሲሚንቶ ቀለበቶች 190 ሺህ። አፍሪዴቭ ለሚባለው የእጅ ፓምፕ ከነቧንቧው 175 ሺህ። አፉን ለሚደፍነው ሲሚንቶ፣ ለማፍሰሻ ቦዩና ለአጥሩ 85 ሺህ። ውሃውን በክሎሪን ለማከምና ላቦራቶሪ ለማስመርመር 20 ሺህ። የቀረው 50 ሺህ ከያንዳንዱ መንደር ሁለት ሰው ለማሠልጠን፣ መፍቻ ለመግዛትና ለሦስት ዓመት የሚሆን መለዋወጫ ለማስቀመጥ ነው። አንዳንድ ለጋሽ ይቺን 50 ሺህ "እሷን ተዋትና ለአምስተኛ ጉድጓድ መነሻ አድርጓት" ይለናል። አንተዋትም። ሰባቱን ወር ያየ ሰው አይተዋትም።

አፍሪዴቭን የመረጥነው ፋሽን ስለሆነ አይደለም። የተሠራው የመንደር ሰው ራሱ ፈትቶ እንዲጠግነው ታስቦ ነው። ቶሎ የሚያልቁት ጎማዎቹ ናቸው፤ እነሱን ለመቀየር ክሬንም ባለሙያም አይጠራም። ከሁለቱ ሠልጣኞች አንዷ ሴት እንድትሆን እንጠይቃለን። ፓምፑ ሲንገራገጭ መጀመሪያ የምትሰማው በየቀኑ የምትቀዳዋ ናት።

አሁን ወደ ታኅሣሥ። የእጅ ጉድጓድ የሚቆፈረው ውሃው መሬት ውስጥ በጣም ዝቅ ባለበት በበጋ ነው፣ እኛ ጋ ከጥር እስከ መጋቢት። ክረምት ላይ ቆፍረህ በስድስት ሜትር ውሃ አገኘሁ ብለህ ብትጨፍር፣ የካቲት ላይ ደረቅ ጉድጓድ ታቅፈህ ትቀራለህ። ስለዚህ ሲሚንቶው፣ ፌሮውና ፓምፑ ከጥር በፊት ተገዝቶ መንደር መድረስ አለበት። ቀለበቶቹ ተሠርተው የሚደርቁበትም ጊዜ ይፈልጋሉ። ገንዘቡ የካቲት ላይ ቢመጣ እናመሰግናለን፣ ግን ሥራው ለከርሞ ነው።

የጅማ ቀይ አፈር ለቆፋሪ የዋህ ነው። ቢሆንም 15 ሜትር ወርደን ውሃ የማናገኝበት ቦታ ሊያጋጥም ይችላል። ያኔ ደፍነነው፣ ሌላ ቦታ መርጠን እንሞክራለን፤ የተደፈነውም ሒሳብ ላይ ይታያል። ደግሞ ቆፋሪ ሰው ነው። ጉድጓዱ እየጠለቀ ሲሄድ አየር ያጥረዋል። የሞተር ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ አናወርድም፣ ጭሱ ሰው ይገድላል። ሥራው በዚህ ምክንያት አንድ ሳምንት ቢዘገይ ቅር አይበላችሁ።

መንደሩ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። ድንጋይና አሸዋው ከእነሱ ነው፣ መንገድ ጠረጋውም በደቦ። ሽንት ቤት ከጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ በቁልቁለቱ በኩል እንዲሆን ተስማምተዋል። አንድ አባወራ ያለውን አፍርሶ ወዲያ ሊሠራ ነው። ውሃው ከወጣ በኋላ እያንዳንዱ ቤት በወር 20 ብር ለኮሚቴው ያዋጣል። ሰብሳቢውን "ሰው ይከፍላል ብለው ያስባሉ?" አልኳቸው። "ለእድር ከፍሎ ለመቅበሪያው ያዋጣ ሰው ለመጠጫው ይነፍጋል?" አሉ። መልስ አልነበረኝም።

አንድ ጉድጓድ 250 ሰው ገደማ ያጠጣል። 520 ሺህን ለ250 ስታካፍሉት ለአንድ ሰው 2,080 ብር ነው። እንግዲህ አቅማችሁን እናንተ ታውቃላችሁ። 2,080 ብር ከከበዳችሁ ከጓደኛ ጋር ለሁለት ተካፈሉት። የምትችሉ ደግሞ አንድ ቤተሰብ፣ አምስት ስድስት ሰው፣ ያዙልን። ውጭ አገር ያላችሁ የጅማ ልጆች፣ ተሰባስባችሁ አንድ ሙሉ ጉድጓድ ብትይዙ ከመንደሩ ጋር በስልክ እናገናኛችኋለን፤ አፋን ኦሮሞ የዛገባችሁም ካላችሁ መለማመጃ ታገኛላችሁ።

ገንዘብ ብቻ አይደለም። አምና አንድ ቡና ነጋዴ አንድ ፈረሱላ ጀንፈል ይዞልን መጥቶ ሸጠን ሲሚንቶ ገዛንበት። አይሱዙ ያላችሁ ቀለበት የምታመላልሱበት አንድ ቅዳሜ ስጡን። ብየዳ ቤት ያላችሁ የአጥሩን በር ሥሩልን። የግንባታ ዕቃ የምትሸጡ፣ በነፃ ባይሆን እንኳ በገዛችሁበት ዋጋ ብትሰጡን ትልቅ ነገር ነው።

የባንክ ሒሳባችን ቁጥር ይህን ወረቀት የሰጣችሁ ልጅ በያዘው ደረሰኝ ራስጌ ላይ ታትሟል። በዚያ አስገቡ፣ ወይም ለልጁ ስጡትና ማኅተም ያለበትን ደረሰኝ ተቀበሉ። ያለ ደረሰኝ አምስት ብርም አትስጡ፣ የእኛን መታወቂያ ቢያሳያችሁም። እያንዳንዱ ጉድጓድ ሲያልቅ የግዢ ደረሰኞቹን ቅጂና የውሃ ምርመራውን ውጤት ቢሯችን በር ላይ እንለጥፋለን። በዓመቱ ተመልሰን ፓምፑ ይሠራ እንደሆነ አይተን ያየነውን እንጽፍላችኋለን፣ ቆሞ ብናገኘውም።

ቢሯችን ፈረንጅ አራዳ ነው፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ክፍት ነው። መጠየቅ ወይም መከራከር የምትፈልጉ ኑ፣ ቡና ይፈላል። የአዴን ጀሪካን ከነእንሰት ቅጠሉ ለምኜ አምጥቼዋለሁ፣ አዲስ ገዝቼላቸው። ሞልተን በሩ ሥር አስቀምጠነዋል። እስከ ደረጃዋ ድረስ ተሸክማችሁ ሞክሩት፣ ከዚያ እኔ ጋ ኑ፣ ደረሰኙን የምጽፈው እኔ ነኝ።