ስለ መዋቅር ለውጥ፦ ለሐዋሳ ፋብሪካችን ሠራተኞች በሙሉ

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣

ወሬው በሰርቪስ ውስጥ ቀድሞ እንደደረሳችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሳላድበሰብስ ልንገራችሁ። ትልቁ ደንበኛችን ትዕዛዙን በግማሽ ቀንሷል። የሦስተኛው የስፌት መስመር ማሽኖች ካለፈው ወር ጀምሮ ተሸፍነው ይውላሉ። በመሆኑም ሁለቱን የስፌት ክፍሎች እናዋሕዳለን፤ ማሸጊያና መጋዘንም በአንድ ኃላፊ ሥር ይሆናሉ።

የሥራ መደቦች ይቀነሳሉ። ቁጥሩ ገና አልተወሰነም። «ማንም አይነካም» ብዬ ላጽናናችሁ አልችልም፤ እንዲህ ያለውን ቃል መጠበቅ አልችልምና። ቅነሳው ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር በመመካከር፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ይፈጸማል፤ በችሎታና በምርታማነት የተሻሉ ሠራተኞች የመቆየት ቅድሚያ አላቸው። የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ የሚቀነስ ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይደርሰዋል፤ የሥራ ስንብት ክፍያና ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ ገንዘብም ይከፈለዋል። ቃል የምገባው ይህንን ነው።

ብዙዎቻችሁ ከደመወዛችሁ የቤት ኪራይ ከፍላችሁ የቀረውን ለወላጆቻችሁ ትልካላችሁ። ስለዚህ ውሳኔው እስኪታወቅ ድረስ አዲስ ብድር ከመውሰዳችሁ በፊት አጥብቃችሁ አስቡበት።

ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት በመመገቢያ አዳራሹ ተገኝቼ ጥያቄያችሁን እመልሳለሁ። ስማችሁን ሳትጽፉ በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል መላክም ትችላላችሁ።

ዋና ሥራ አስኪያጅ