ጫፍ ላይ ያለው ልጅ

ኢሜይሉ የደረሰኝ ማክሰኞ ማታ፣ ልተኛ ስል ነው። ላኪዋ መዓዛ ትባላለች። ማን እንደሆነች ቶሎ አልመጣልኝም።

«ሰላም ዳንኤል። በስልክ ያወራንበት ፎቶ ይኸው። የታጠፈበትን መስመር አስተካክልልኝ። ጫፍ ላይ ያለውን ልጅ ደግሞ አጥፋው፤ ማን እንደሆነ አናውቅም። እናቴን ብቻ ነው የምፈልገው። 65 ዓመት ሊሞላት ነው፣ በትልቁ አሳትሜ ልሰጣት አስቤያለሁ። ድንገት እንዲሆንባት ስለፈለግኩ እሷን አልጠየቅኳትም። ለቅዳሜ ይደርስልኛል?»

ስሜ ዳንኤል ነው። ግን ፎቶ አላድስም፣ በስልክ ያወራሁትም ሰው የለም። በስህተት የመጣ ነው ብዬ ልዘጋው ስል ከሥር የተያያዘውን ፎቶ ነካሁት።

ጥቁርና ነጭ ነው። አንዲት ወጣት ሴት አንገቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ ቆማለች። ከጎኗ አንድ ልጅ አለ። አንድ ጆሮው በፎቶው ጠርዝ ተቆርጧል። ዓይኑን ከፀሐዩ ለመከላከል ጨፈን አድርጓል። የሴትየዋ ቀኝ እጅ ትከሻው ላይ ነው። አራት ጣቶቿ በደንብ ይታያሉ።

ልጁ እኔ ነኝ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ፎቶውን አሳደግኩት፣ አሳነስኩት፣ እንደገና አሳደግኩት።

ያኔ 8 ዓመቴ ነበር። እናቴ በጠና ታማ ሆስፒታል ስትገባ እትዬ አልማዝ መጥታ ወሰደችኝ። የእሷ እናትና የእኔ አያት እህትማማቾች ናቸው። በዝምድና ቆጠራ ራቅ ይላል፤ እሷ ግን ቆጥራ አታውቅም። አንድ ዓመት ሙሉ አብሬያት ኖርኩ። ሌሊት ስባንን መብራት ሳታበራ መጥታ አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። እናቴ ስትድን ወደ ቤቴ ተመለስኩ። መዓዛ የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያስ? ከዚያማ ትምህርት፣ ሥራ፣ አገር መቀየር። ከ11 ዓመት በፊት አንድ ዘመዳችን የሁላችንንም ስልክ ሰብስቦ ለሁሉም በኢሜይል ልኮ ነበር። እኔም ለሁሉም መለስኩ። «አመሰግናለሁ፣ እደውላለሁ» ብዬ። አልደወልኩም። መጀመሪያ ጊዜ አጣሁ። ቆይቶ ደግሞ አፈርኩ። ዓመት በተጨመረ ቁጥር ስልኩን ማንሳት እየከበደኝ ሄደ።

የመዓዛ ኮምፒውተር ግን አድራሻዬን ይዞት ኖሯል። የስሜን የመጀመሪያ ፊደሎች ስትጽፍ ከፎቶ አዳሹ ይልቅ እኔን አስቀደመ፤ እሷም ሳታስተውል ላከችው።

ያን ሌሊት አራት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁ። መጀመሪያ የጻፍኩት ረጅም ይቅርታ ነበር። በመጨረሻ የላክሁት ይህን ነው፦

«መዓዛ፣ ይህ ኢሜይል ለሌላ ዳንኤል ነበር፤ እኔ ጋ መጥቷል። አደራሽን ልጁን እንዳያጠፋው ንገሪው። ልጁን ካጠፋው የእናትሽ እጅ ምን ላይ ያርፋል? ያን ቀን ጠዋት የሸሚዜ ቁልፍ ወልቆ ነበር። ነጭ ክር ስላጣች በቀይ ሰፋችልኝ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ አይታይም። ሰው ያየዋል ብዬ ሳለቅስ እጇን አምጥታ በትከሻዬ በኩል ደረቴ ላይ ጣል አደረገችው። ጣቶቿ ቁልፉን ሸፍነውታል። ዳንኤል ነኝ፣ የአያትሽ የእህት የልጅ ልጅ። እደውላለሁ ብዬ ያልደወልኩት።»

ሲነጋ መልስ አልነበረም። እስከ ምሳ ሰዓት ስልኬን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። መጥፎ ነገር የተናገርኩ መሰለኝ። «እኔን አታጥፊኝ» ማለት ለ11 ዓመት የጠፋ ሰው የሚለው ነገር ነው?

ከሰዓት በኋላ መጣ።

«ጋሼ ዳኒ፣ ቢሮ ውስጥ አልቅሼ ሰው ሰበሰብኩ። ስምህን ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ፣ መልክህን ግን አላውቀውም ነበር። ፎቶ አዳሹ ዛሬ ልጁንም እንዲያስተካክለው ነገርኩት። የተቆረጠውን ጆሮ መመለስ አልችልም ብሏል። ስጦታውን በድንገት ልሰጣት ነበር፣ ግን አልቻልኩም፣ ነገርኳት። ስልክህን ላክልኝ፤ አጠገቤ ቆማለች።»

ቁጥሬን ላክሁ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

«ሃሎ» አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ።

መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚሰማኝ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። አርጅቷል፤ ግን በጨለማ የማውቀው ድምፅ ነው።

«አንተ ልጅ» አለች እትዬ አልማዝ። «ቁልፉ እስከ መቼ ቆየ?»