ሌጎን ያከሰረው ምን ነበር? የ10 ደቂቃ የክፍል ገለጻ ሙሉ ጽሑፍ

[0፡00 | ስላይድ 1፦ ርዕስ። ሁለቱን ጡቦች በእጅህ ያዝ።]

ክቡር መምህራችን፣ ውድ የክፍል ጓደኞቼ፣ እንደምን አደራችሁ። በስልታዊ አስተዳደር ትምህርት ለቡድናችን የደረሰው የጉዳይ ጥናት የዴንማርኩን የአሻንጉሊት አምራች የሌጎን ጉዳይ የሚመለከት ነው። የጉዳዩ ጊዜ የ2004 መገባደጃ ነው፤ ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ኩባንያው በዕዳና በኪሳራ ተይዟል፣ አዲስ ዋና ሥራ አስኪያጅ ተሹሟል። የተሰጠን ጥያቄ አጭር ነው፦ በእሱ ቦታ ብንሆን ምን እንወስናለን?

የደረስንበትን መልስ ከመነሻው ልናገር፤ ማስረጃውን እያያችሁ እንድትፈትኑት ነው። በእኛ እምነት ሌጎ ገበያውን ከማጣቱ በፊት የገዛ ሒሳቡን አጥቶ ነበር። የትኛው ምርት እንደሚያተርፍና የትኛው እንደሚያከስር ሳያውቅ የምርት ዓይነት አበዛ። ስለዚህ የመዝናኛ ፓርኮቹን ሽጦ ጥሬ ገንዘብ ያግኝ፤ የመገጣጠሚያ ዓይነቶቹን፣ ማለትም የሚገጣጠሙትን ቁራጮች የተለያዩ ዓይነቶች፣ በግማሽ ይቀንስ፤ ወጪና ገቢው ለብቻው ያልተሰላ ምርት ደግሞ ከእንግዲህ ወደ ገበያ አያውጣ እንላለን።

[1፡00 | ስላይድ 2፦ የጡቡ ፎቶ]

ኩባንያውን በ1932 የመሠረተው ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን የተባለ የቢሉንድ ከተማ አናጢ ነው። የጀመረውም በእንጨት አሻንጉሊት ነበር። ዛሬ የምናውቀው የፕላስቲክ ጡብ የፈጠራ መብት ጥያቄ የቀረበው በ1958 ነው።

[ጡቦቹን አጋጥም። ድምፁ እስኪሰማ ዝም በል።]

ይህቺ «ቀጭ» የምትል ድምፅ የኩባንያው ዋና ሀብት ናት። በ1958 የተሠራ ጡብ ዛሬ ከፋብሪካ ከወጣው ጋር እንዲሁ ይገጥማል። እንዲህ ያሉ ባለ ስምንት ጉብታ ስድስት ጡቦች፣ ቀለማቸው አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ፣ ከ915 ሚሊዮን በሚበልጥ መንገድ ሊደራረቡ ይችላሉ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

[2፡00 | ስላይድ 3፦ ችግሩ]

በ1998 ሌጎ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰረ። በ2003 ሽያጩ ከሩብ በላይ ወረደ። በ2004 የተጣራ ኪሳራው ወደ 1.9 ቢሊዮን የዴንማርክ ክሮነር ደረሰ። እነዚህ ቁጥሮች አስደንጋጭ ቢሆኑም ሕመሙን አይነግሩንም፤ ትኩሳት የበሽታው ስም እንዳልሆነ ሁሉ።

እዚህ ላይ እኛም መጀመሪያ ተሳስተን ነበር። በመጀመሪያው ረቂቃችን ችግሩን «ልጆች ፊታቸውን ወደ ኮምፒውተር ጨዋታ ስላዞሩ» ብለን ጻፍነው። ለመናገር ቀላል፣ ለማመንም ቀላል ነው። ነገር ግን አንድ ማስረጃ አፈረሰብን፤ በዚያው ወቅት ተመሳሳይ የፕላስቲክ ጡብ የሚሸጥ የካናዳ ተፎካካሪ እያደገ ነበር። ልጆች በጡብ መጫወት ቢተዉ ኖሮ እሱም አብሮ በወደቀ ነበር። ስለዚህ የችግሩን መግለጫ ቀደን እንደገና ጻፍነው። እንዲህ ይላል፦

«ሌጎ ያመረተውን ሁሉ በትርፍ መሸጥ ያቃተው፣ የምርቱና የመገጣጠሚያው ዓይነት ከቁጥጥሩ ውጭ ስለበዛና የእያንዳንዱን ምርት ትርፍ የሚያሳይ ሒሳብ ስላልነበረው ነው።»

[3፡15 | ስላይድ 4፦ ትንተና፣ መስፋፋቱ]

መስፋፋቱን አስቀድሜ በአጭሩ ልለፈው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ኩባንያው በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በጀርመን ፓርኮች ከፈተ፤ የልጆች ልብስ፣ የእጅ ሰዓት፣ የኮምፒውተር ጨዋታም በስሙ ወጣ። ከሁሉ የገረመን ግን የዱፕሎ ነገር ነው። ዱፕሎ ከ1969 ጀምሮ ለሕፃናት የሚሸጥ ትልልቅ ጡብ ነው፤ ወላጆች በስሙ ጠርተው የሚገዙት። በ2002 ይህን ስም አነሡና በሌላ ተኩት። ከ30 ዓመት በላይ የተገነባ የወላጅ እምነት በአንድ ውሳኔ ከመደርደሪያ ወረደ። በኋላ ስሙን መልሰውታል።

ከፊልም ጋር የተያያዙት ምርቶችም አሉ። የስታር ዋርስ ጥቅሎች በ1999፣ የሃሪ ፖተር ደግሞ በ2001 ወጥተው በደንብ ተሸጡ። ነገር ግን የሚሸጡት ፊልሙ ሲኒማ ቤት በሚታይበት ዓመት ነበር። በ2003 ከሁለቱም አዲስ ፊልም አልወጣም። ያልተሸጠው ዕቃ በሱቅ መደርደሪያ ተከምሮ ቀረ፤ ሱቆቹም አዲስ ትእዛዝ ቀነሱ። ከሩብ በላይ ለወረደው ሽያጭ አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው።

[4፡30 | ስላይድ 5፦ ትንተና፣ የመገጣጠሚያው ብዛት። እዚህ አትቸኩል።]

አሁን ወደ ልቡ ልግባ። በ1997 ሌጎ ወደ 6,000 የሚሆኑ የመገጣጠሚያ ዓይነቶች ነበሩት። በ2004 ከ14,000 አለፉ። ንድፍ አውጪዎቹ ለአዲስ ጥቅል አዲስ ቅርጽ ሲፈልጉ «ያለንን ተጠቀሙ» የሚላቸው አልነበረም። አዲስ ቅርጽ ደግሞ አዲስ የብረት ቅርጽ ማውጫ ይፈልጋል፤ ቅርጽ ማውጫው ውድ ነው፤ ጡቦቹ ለዓመታት አጥብቀው እንዲገጥሙ ልኩ እጅግ ጥንቁቅ መሆን አለበትና።

ይህን በቁጥር እንየው። ለስሌት እንዲመቸን አንድ ቅርጽ ማውጫ 60,000 ዩሮ ያወጣል እንበል። በእሱ አንድ ሚሊዮን ጡብ ብናመርት እያንዳንዱ ጡብ የሚሸከመው የቅርጽ ማውጫ ወጪ 6 ሳንቲም ነው። ያው ቅርጽ ማውጫ ለአንድ ልዩ ጥቅል ብቻ የሚሆን፣ ለምሳሌ 20,000 ፍሬ ብቻ ቢያወጣስ? እያንዳንዷ ፍሬ 3 ዩሮ ትሸከማለች። ፕላስቲኩ፣ ማሽኑ፣ ጉልበቱ፣ ማሸጊያው ገና አልተጨመረም። አንዲት ልጅ ከጥቅሉ አውጥታ በሁለት ሰከንድ የምትገጥማት ትንሽ የጀልባ መቅዘፊያ የጥቅሉን ትርፍ ልትበላ ትችላለች ማለት ነው።

አሁን ወደ 915 ሚሊዮኑ ልመለስ። ያ ሁሉ አማራጭ የሚገኘው ከስድስት *ተመሳሳይ* ጡቦች ነው። የሌጎ ብልጽግና የሚመነጨው ጥቂት ነገር በብዙ መንገድ ከመገጣጠሙ ነው። ኩባንያው ግን በየጥቅሉ አዲስ ቅርጽ እየጨመረ በተቃራኒው መንገድ ሄደ። ቡድናችን በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ በላይ የተከራከረውና በመጨረሻም በአንድ ድምፅ የተስማማው በዚህ ነጥብ ነው።

[6፡15 | ስላይድ 6፦ ትንተና፣ ሒሳቡ]

ይህ ጥፋት ለምን ቶሎ አልታየም? ሒሳቡ ለእያንዳንዱ ምርት ሳይለይ ለሁሉም በአንድ ላይ ይሠራ ስለነበር ነው። ከ1,500 በላይ በሆኑት የሽያጭ ምርቶቹ መካከል 30ዎቹ ብቻ 80 በመቶውን ሽያጭ ያመጡ ነበር። አቅራቢዎቹ ከ11,000 በላይ ነበሩ፤ ንድፍ አውጪዎች ለየፍላጎታቸው የተለያየ አቅራቢ ይመርጡ ስለነበር በጅምላ ገዝቶ ዋጋ ማስቀነስ አልተቻለም። 30ዎቹ ጠንካራ ምርቶች የሌሎቹን ኪሳራ ሸፍነው ያዙ፤ መሸፈን ሲያቅታቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ ተገለጠ።

[7፡00 | ስላይድ 7፦ ሦስቱ አማራጮች]

ሦስት መንገዶችን መዘንን። የመዘንነውም በሦስት መለኪያ ነው፦ በአንድ ዓመት ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ያስገኛል ወይ? ወጪውን ከሥሩ ይቀንሳል ወይ? ጡቡን ያድናል ወይ?

አንደኛው፣ መስፋፋቱን መቀጠል ነው። ሦስቱንም አያልፍም። ሁለተኛው፣ ቤተሰቡ ኩባንያውን ለትልቅ አሻንጉሊት አምራች ይሽጥ የሚል ነው። ገንዘቡን ያስገኛል፤ ነገር ግን በ2004 መሸጥ ማለት በወደቀ ዋጋ መሸጥ ነው፤ ገዢው ጡቡን እንደሚያከብርም ዋስትና የለም። ሦስተኛው፣ ወደ ጡቡ መመለስ ነው። ይህ ዘገምተኛ ነው፣ ያማል፣ ፓርኮቹ ካልተሸጡም የመጀመሪያውን መለኪያ አያልፍም። ፓርኮቹ ከተሸጡ ግን ሦስቱንም የሚያልፈው እሱ ብቻ ነው።

[7፡45 | ስላይድ 8፦ ምክረ ሐሳብ]

ስለዚህ የምንመክረው ይህን ነው፤ ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው።

በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት የፓርኮቹ አብላጫ ድርሻ ይሸጥ። ፓርክ የሆቴልና የመዝናኛ ሙያ ይጠይቃል፤ ያለማቋረጥ ገንዘብም ይበላል። ስሙን ለመጠበቅ አነስተኛ ድርሻ ይያዝ።

ከዚያው ጎን ለጎን እያንዳንዱ ጥቅል የራሱ የትርፍና ኪሳራ መዝገብ ይከፈትለት። ሦስት ወር በቂ ነው ብለን እናምናለን። መቀነስ የሚቻለው ይህ ሲታወቅ ነው፤ በጭፍን የሚቆርጥ ጤነኛውንም አካል ይቆርጣል።

በ24 ወራት ውስጥ የመገጣጠሚያ ዓይነቶች ወደ 7,000 ይውረዱ። አዲስ ቅርጽ የሚፈልግ ንድፍ አውጪ ቅርጹ ቢያንስ በሌሎች ሁለት ጥቅሎች ውስጥ እንደሚያገለግል ያሳይ። አቅራቢዎችም አብረው ይቀንሱ። የዱፕሎ ስም በየሱቁ በጉልህ ይታይ።

[8፡45 | ስላይድ 9፦ ስጋቶች]

ምክራችን ሁለት ስጋቶች አሉበት። አንደኛው፣ ንድፍ አውጪዎች ታሰርን ብለው ሊለቁ ይችላሉ። መፍትሔያችን ወሰኑን በእነርሱው እጅ ማድረግ ነው፤ የትኞቹ ቅርጾች እንደሚቀሩ እነርሱ ይምረጡ። ሁለተኛው ሥራ የሚያጡት ሰዎች ናቸው። ይህን በቁጥር ሸፍነን ማለፍ አልፈለግንም። ኩባንያው ለአነስተኛ ከተማ የኑሮ ምንጭ ሲሆን ቅነሳው የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ከፓርኮቹ ሽያጭ የተወሰነው ለካሳና ለሥልጠና አስቀድሞ ይመደብ።

[9፡15 | ስላይድ 10፦ በተግባር የሆነው]

ኩባንያው በ2005 የፓርኮቹን 70 በመቶ ድርሻ ሸጠ፣ የመገጣጠሚያ ዓይነቶቹን ወደ ግማሽ አወረደ፣ በዚያው ዓመትም ወደ ትርፍ ተመለሰ። በአንድ ነገር ግን ከእነርሱ እንለያለን። በ2006 አብዛኛውን ምርት ለውጭ ተቋራጭ ለመስጠት ተስማሙ፤ በ2008 ደግሞ ወደ ራሳቸው እጅ ለመመለስ ወሰኑ። የጡቡ ልክ ከፀጉር በሚቀጥን ስሕተት የሚበላሽ ነውና ቅርጽ ማውጣቱ ከመጀመሪያውኑ ከቤት ባይወጣ ይሻል ነበር እንላለን። ወጪ ሲቀነስም መነካት የሌለበት ይህ ነበር።

[9፡45 | ጡቦቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ።]

ስላዳመጣችሁን እናመሰግናለን። የስሌቱ ሙሉ ሰንጠረዥ በተጨማሪው ስላይድ ላይ አለ። በተለይ በሁለተኛው አማራጭ፣ በሽያጩ ላይ፣ የማትስማሙ ካላችሁ ጥያቄውን ከዚያ እንጀምር።