የጉድለት ማስተካከያ ጊዜው ስላለቀ ቀሪው የመያዣ ገንዘብ እንዲለቀቅ የቀረበ ጥያቄ

ቁጥር፦ 041/17
ቀን፦ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትምህርት ቤቱ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ ቀሪው የመያዣ ገንዘብ ብር 621,500 እንዲለቀቅልን ስለመጠየቅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን።

በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የሠራነውን ባለ ሁለት ፎቅ የመማሪያ ክፍሎች ሕንፃ የካቲት 18 ቀን 2016 ዓ.ም. በጊዜያዊ ርክክብ አስረክበንዎታል። በውላችን የጉድለት ማስተካከያ ጊዜው 365 ቀን ነው። ያ ጊዜ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. አልቋል። መጋቢት 4 ቀን የመጨረሻው ርክክብ ተደርጎ እርስዎ፣ አማካሪ መሐንዲሱና እኛ በቃለ ጉባኤው ላይ ፈርመናል። አማካሪውም መጋቢት 16 ቀን የመጨረሻውን የክፍያ ሰርተፍኬት አጽድቆ ልኮልዎታል።

ሰርተፍኬቱ ከደረሰ በ28 ቀን ውስጥ ክፍያ እንደሚፈጸም ውሉ ይላል። ይህ ማለት እስከ ሚያዝያ 14 ቀን ድረስ ነበር። ዛሬ 34 ቀን አልፎታል። መጋቢት 12 ቀን ላስገባነው የመጀመሪያ ደብዳቤም በጽሑፍ የተሰጠን መልስ የለም።

የገንዘቡ ስሌት ግልጽ ይሁን። በሰባት ሰርተፍኬቶች የተከፈለው ሥራ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሳይጨመር፣ ብር 24,860,000 ነው። ከእያንዳንዱ ክፍያ 5 በመቶ ለመያዣ ተቀንሷል፤ ድምሩ ብር 1,243,000 ይሆናል። ግማሹን፣ ብር 621,500፣ በጊዜያዊ ርክክቡ ጊዜ ሳያጉላሉን ከፍለውናል። ለዚያ ዛሬም እናመሰግናለን። አሁን የምንጠይቀው የቀረውን ግማሽ ነው፤ እሱም ብር 621,500 ነው። ታክሱ በየክፍያው በሙሉው ሥራ ዋጋ ላይ ተሰልቶ ደረሰኝ ስለተቆረጠለት በዚህ ላይ አዲስ የሚታሰብ ነገር የለም። የቅድሚያ ክፍያውም በአምስተኛው ሰርተፍኬት ተመላሽ ሆኖ አልቋል።

ባለፈው ሳምንት የሒሳብ ክፍልዎ ለሠራተኛችን በቃል የነገረው ምክንያት «ይሄን ክረምትም እንየውና» የሚል ነው። ስጋቱን እንረዳለን። ደብረ ብርሃን ላይ ሕንፃ የሠራ ሰው የዚህን አገር በረዶና ዝናብ ያውቀዋል። ነገር ግን ይህ ሕንፃ አንድ ሙሉ ክረምት አይቷል። እኛም በዚያ ክረምት ከሥራችን አልሸሸንም።

ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት የግቢው ጥበቃ ደውሎ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ክፍል 12 ውስጥ፣ ኮርኒሱ እንደረጠበ ነገረን። በዚያው ቀን ከሰዓት ደረስን። ከሰሌዳው በላይ የእንጀራ ምጣድ የሚያህል፣ የሻይ ቀለም ያለው እድፍ ነበር። ጣሪያው ላይ ስንወጣ ቆርቆሮው ደህና ነው። ችግሩ የአሸንዳው መጋጠሚያ ነበር፤ የተጠራቀመው በረዶ ከብዶት ተከፍቷል፤ ውሃው ወደ ውስጥ ይመለሳል። መጋጠሚያውን ደፍነን መሄድ እንችል ነበር። እኛ ግን ስድስት ሜትር አሸንዳ ሙሉ በሙሉ ቀየርን፤ ማሰሪያዎቹንም አቀራርበን መታን። ሁለት የችፑድ ኮርኒስ ለውጠን ክፍሉን እንደገና ቀባነው። በአራት ቀን አለቀ። ወጪው የእኛ ነበር፤ መሆንም ነበረበት።

ከዚያ በኋላ የቀረው ሐምሌና ነሐሴ ሙሉ ዘነበ። ክፍል 12 አልረጠበም። መጋቢት 4 ቀን ደግሞ አማካሪው በዚህ ጉዳይ ላይ ጥርጣሬ እንዳይኖር ጎማ አስዘርግቶ በዚያ አሸንዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ውሃ አስፈሰሰበት። እርስዎም ከታች ቆመው አይተውታል። ቃለ ጉባኤው ተራ ቁጥር 6 ላይ ተመዝግቧል። በጊዜያዊ ርክክቡ የተዘረዘሩት 11 ጉድለቶችም፣ ከደረጃው ሥር ያለው የልስን ስንጥቅና የማይዘጉት ሦስት መስኮቶች ጭምር፣ ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ላይ ተስተካክለው አማካሪው ፈርሞባቸዋል።

በውላችን አጠቃላይ ሁኔታዎች አንቀጽ 48 መሠረት ሁለተኛው የመያዣ ግማሽ የሚለቀቀው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው። ጊዜው ማለቅ አለበት፤ በጊዜው ውስጥ የተነገሩ ጉድለቶች መታረማቸውን አማካሪው ማረጋገጥ አለበት። ሁለቱም ተሟልተዋል። ሌላ ክረምት መጠበቅ በውሉ ውስጥ የለም። በአንድ ወገን ፍላጎት ሊጨመርበትም አይችልም።

ገንዘቡ ከተለቀቀ ተቋራጩ ይጠፋል የሚል ስጋት ካለም መልስ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3039 ሥራው በአግባቡ ስለመሠራቱና ስለሕንፃው ጽናት ከርክክብ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ተቋራጩን ዋስ ያደርገዋል። የመያዣው መለቀቅ ይህን ግዴታ አይነካውም። እኛም አንሸሽበትም። ቢሯችን እዚሁ ከተማ ነው።

ይህ ገንዘብ ለምን እንደሚያስጨንቀን በግልጽ እንንገርዎ። ብሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የመስኮትና የበር አሉሚኒየሙን የሠራልን ባለሙያ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን የዘረጋው ልጅና የቧንቧ ሠራተኛው ከእኛ ጋር በተመሳሳይ ውል መያዣ ተይዞባቸዋል። የእርስዎ ክፍያ ሲገባ የእነሱም ይለቀቃል ብለን ተፈራርመናል። የአሉሚኒየም ባለሙያው በየሳምንቱ ቢሯችን ይመጣል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ እንደ ድሮው አይደለም፤ የተያዘበት ብር በቆየ ቁጥር የሚገዛለት ፕሮፋይል እያነሰ ነው። ሰውየው ሥራውን በጥራት ሠርቶ አስረክቧል። ፊቱን አይቶ «ቆይ» ማለት ከብዶናል።

ስለዚህ ብር 621,500 ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ በውሉ ላይ በተጠቀሰው የባንክ ሒሳባችን እንዲገባልን በአክብሮት እንጠይቃለን። የሚቀነስ ነገር አለ የሚሉ ከሆነ ምክንያቱና መጠኑ በዚያው ጊዜ በጽሑፍ ይገለጽልን፤ ያልተከራከርንበት ቀሪ ደግሞ ሳይጠብቅ ይከፈለን። ሕጉ ለዘገየ የገንዘብ ክፍያ በዓመት 9 በመቶ ወለድ እንደሚፈቅድ እናውቃለን። እስካሁን አልጠየቅንም። በተባለው ጊዜ ከተከፈለን አንጠይቅም። ካልተከፈለን ግን ከሚያዝያ 15 ቀን ጀምሮ የሚታሰበውን የመጠየቅ መብታችን የተጠበቀ ነው።

ለክረምቱ ስጋትም አንድ ነገር እንጨምራለን። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሁለት ሠራተኞች ልከን የሕንፃውን አሸንዳዎች በሙሉ እናስጠርጋለን፤ መጋጠሚያዎቹንም እናያለን። ይህ ውሉ የማያስገድደን፣ በራሳችን ወጪ የምናደርገው ነው። የክፍያው ቅድመ ሁኔታ ግን አይደለም። ልጆቹ በመስከረም ደረቅ ክፍል ውስጥ እንዲገቡ እኛም እንፈልጋለን።

ፊት ለፊት መነጋገር ከፈለጉ የፊታችን ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከመሐንዲሳችን ጋር ቢሮዎ እንገኛለን።

ከሠላምታ ጋር

የሥራ ተቋራጩ ሥራ አስኪያጅ
(ፊርማና ማኅተም አለው)

አባሪ፦ የጊዜያዊና የመጨረሻ ርክክብ ቃለ ጉባኤዎች፣ የ11ዱ ጉድለቶች ማረጋገጫ፣ የሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአሸንዳ ጥገና ሪፖርት ከፎቶ ጋር፣ የመጋቢት 16 ሰርተፍኬት ቅጂና የመያዣ ገንዘብ ስሌት፤ በድምሩ 14 ገጽ።

ግልባጭ፦
ለአማካሪ መሐንዲሱ
ለትምህርት ቤቱ ሒሳብ ክፍል