ስለ ባዮፕሲ ውጤትዎ የተጻፈ ማብራሪያ

ውድ እህቴ፣

ትናንት ከሐይቅ ሲደውሉልኝ፣ ታናሽ ወንድምዎ የውጤት ወረቀቱን ሲያነብልዎ «ማሊግናንሲ» የሚል ቃል አግኝቶ እንደደነገጠ፣ እርስዎም ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ እንዳልወሰድዎ ነግረውኛል። ስለዚህ ዋናውን ላስቀድም፤ ከጡትዎ በመርፌ በተወሰደው ናሙና ውስጥ ካንሰር አልታየም። ቃሉ በወረቀቱ ላይ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዐረፍተ ነገሩ በሙሉ ሲነበብ «የማሊግናንሲ ምልክት አልተገኘም» ነው የሚለው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ይህን ቢስት አይፈረድበትም፤ ወረቀቱን ስንሰጥዎ ማስረዳት የነበረብን እኛ ነን።

የእርስዎን እብጠት የሚገልጸው ቃል «ቢናይን» ነው፤ ካንሰር ያልሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለው እብጠት አፈር ውስጥ እንደሚወፍር ድንች ነው፤ ሊያድግ፣ አጠገቡ ያለውንም ሊገፋ ይችላል፣ ግን በገዛ ልጣጩ ውስጥ ይኖራል እንጂ ወደ ጎረቤቱ ዘልቆ አይገባም፣ በደም ተጉዞም ሌላ አካል ላይ አይበቅልም። «ማሊግናንት» የሚባለው ግን እንደ ሰርዶ ነው፤ ሥሩን በወሰኑ ሥር አሾልኮ ወደ ሌላው ማሳ ይገባል፣ ቁራጩም በሄደበት ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ካንሰር የምንለው ይህን ነው። እሱም ቢሆን በወረቀት ላይ ሲጻፍ የሞት ፍርድ አይደለም፤ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደተሰራጨና በምን እንደሚታከም ገና መጠየቅ የሚጀመርበት ነው፤ በጊዜ ተደርሶበት ታክሞ የሚድን ብዙ ነው።

የእርስዎ እብጠት ፋይብሮአዴኖማ ይባላል፤ በወጣት ሴቶች ጡት ላይ በብዛት የሚታይ፣ ሲነኩት ከጣት ሥር የሚንሸራተት እብጠት ነው። በውጤቱ የምተማመነው በአጉሊ መነጽር በታየው ብቻ ተመርኩዤ አይደለም፤ በእጄ የዳሰስኩትም፣ አልትራሳውንዱም፣ ናሙናውም አንድ ነገር ስለተናገሩ ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢለይ ኖሮ ምርመራውን እንድንደግመው እጠይቅዎት ነበር።

አክስትዎ «ብረት የነካው እብጠት ይዛመታል» እንዳሉዎም ነግረውኛል። አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ መርፌ ካንሰር ያልሆነውን እብጠት ካንሰር አያደርገውም።

አሁን መድኃኒት አያስፈልግዎትም፤ ቀዶ ሕክምናም እብጠቱ ካላደገ ወይም እርስዎ ካልፈለጉ በቀር ግድ አይደለም። ከስድስት ወር በኋላ ለአልትራሳውንድ ወደ ደሴ ይምጡ። ከዚያ በፊት እብጠቱ ፈጥኖ ካደገ፣ የጡትዎ ቆዳ ከተሰረጎደ፣ ከጡት ጫፍ ደም ከወጣ ወይም በብብትዎ ሥር ሌላ እብጠት ካገኙ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ይምጡ። ወረቀቱን አይጣሉት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከአዲሱ ጋር አመሳክረዋለሁ። ወንድምዎም አብሮዎት ይምጣ፤ ያን ዐረፍተ ነገር አብረን እናነበዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ሐኪምዎ